ከ3,012 ቃል ወደ 1,494፦ ስለ 1960ው የጎጃም አመፅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እንዴት ተቆረጠ?

የእህቴ ልጅ የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ደብረ ማርቆስ ስትመጣ፣ በ1960 ዓ.ም. ስለተነሣው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ የጻፈችውን ጽሑፍ ይዛ መጣች። ጽሑፉን ለአንድ የተማሪዎች መድበል ልትሰጠው አስባለች፤ መድበሉ ግን ከ1,500 ቃል በላይ አይቀበልም። የእሷ ጽሑፍ 3,012 ቃል ነበር። ማስረከቢያው ሰኞ ጠዋት ሲሆን እኔ ዘንድ የመጣችው ዓርብ ማታ ነው።

ብቻዋን ሦስት ቀን ደክማበታለች። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጥቂት ቅጽል፣ ጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ አንዳንድ ቀንና ዓመተ ምሕረት እያነሣች 2,240 ላይ ደርሳ ቆማለች። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የምቆርጠው ሁሉ ያመኛል» አለችኝ። ሁለቱንም ቅጂ ተቀብዬ በዚያው ሌሊት አነበብኩ።

አጭሩ ቅጂ ከረጅሙ የባሰ ነበር። የጠፉት አንቀጾች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ ግን ከስተዋል። ስለ ሞጣ የሚያወራው ክፍል ገበሬዎቹ ማንን እንደመለሱና ለምን እንደመለሱ አይናገርም፤ «ተቃውሞ ተነሣ» ብሎ ያልፋል። ከሁሉ የከፋው መከራከሪያው ላይ የደረሰው ነው። በረጅሙ ቅጂ ውስጥ ገበሬው ያመፀው ከግብሩ ክብደት ይልቅ ለርስቱ ሰግቶ መሆኑን ትከራከራለች። በአጭሩ ግን ገበሬው «ግብሩን በመጥላቱና ርስቱን በመውደዱ» አመፀ ይላል። «ይልቅ» የምትለው ቃል ስትወጣ ክርክሩ አብሯት ወጥቷል፤ የቀረው ማንም የማይቃወመው፣ ስለዚህም ማንም ሊያነበው የማያስፈልገው አባባል ነው። ከሁሉም ክፍል እኩል መቀነስ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚሸከመውንና የማይሸከመውን አንቀጽ እኩል ያጎሳቁላል።

ቅዳሜ ጠዋት አጭሩን ቅጂ ጭራሽ እንድትተወውና ወደ 3,012ቱ እንድትመለስ ነገርኳት። ሦስት ቀን የለፋችበትን መጣል ከበዳት። ከተጎዳው ቅጂ ላይ መቀጠል ግን የወጣውን ማስረጃ ሳያዩ መቁረጥ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን አስዘግቼ በባዶ ወረቀት ላይ ክርክሯን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ ጠየቅኋት። የመጀመሪያው ሙከራ አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሁለተኛው ስለ አመፁ «ብዙ ምክንያቶች» የሚያወራ ነበር። ሦስተኛው እንዲህ ወጣ፦

«የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ያመፀው ከግብሩ ክብደት ይልቅ ግመታው የርስት መብቱን ይነካል ብሎ ስለሰጋ ነው።»

አሥራ አምስት ቃል ነው፤ ግን ዕዳ አለበት። «ግመታው» ያለ ሰው አዋጁ ምን እንዳመጣ ማስረዳት አለበት። በኅዳር 1960 የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን አስቀርቶ በምትኩ በምርት ገቢ ላይ ግብር ጣለ፤ ገቢው እንዲታወቅ ደግሞ ገማቾች ወደ ገበሬው መሬት መግባት ነበረባቸው። «የርስት መብቱን» ያለ ሰው ርስት በጎጃም በትውልድ ሐረግ የሚወረስ፣ በቀላድ ማለትም በመለኪያ ገመድ ያልተለካ መሬት መሆኑን ማሳየት አለበት። «ይልቅ» ያለ ሰው የግብሩ ክብደት ወይም ሌላ ምክንያት ዋናው አለመሆኑን ማስረዳት ይገባዋል። «ስለሰጋ» ያለ ደግሞ ስጋቱ በእርግጥ እንደነበረ ምስክር ማቅረብ አለበት። አራት ዕዳዎች ናቸው። ቁጥር ሰጠናቸውና በጽሑፉ ኅዳግ ላይ፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን፣ የሚከፍለውን ዕዳ ቁጥር ጻፍን። ምንም ዕዳ የማይከፍል አንቀጽ ባዶውን ቀረ።

ባዶ የቀሩት አንቀጾች በአንድ ቦታ ተከማችተው ነበር። ጽሑፉ መግቢያው 260 ቃል፣ የጎጃም ታሪካዊ ዳራ 840፣ ርስትና የቀድሞው ግብር 430፣ አዋጁ 310፣ የአመፁ ሂደት 620፣ የመንግሥት ምላሽና ውጤቱ 290፣ መደምደሚያው 262 ነው። ዳራው ብቻ ከጠቅላላው ሩብ በላይ ይወስዳል። በውስጡም የዓባይ ዙሪያ መልክዓ ምድር፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ ኃይሉ፣ የጣሊያን ወረራና 310 ቃል የፈጀ የበላይ ዘለቀ ታሪክ አለ።

እዚህ ላይ ረጅም ክርክር ገጠመን። ጎጃም ተወልዶ የበላይን ስም ከጽሑፉ የሚሰርዝ ማን ነው? እኔም ብሆን እጄ ይከብዳል። እሷም «ጋሼ፣ ይህን ካወጣሁ አያቴ ምን ይላሉ?» አለችኝ። «የትኛውን ቁጥር ልጻፍበት?» ብዬ ጠየቅኋት። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንቀጹ የበላይን አርበኝነትና በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ መሰቀሉን ይተርካል፤ ስለ ግመታም ሆነ ስለ ርስት ግን አንዲት ቃል የለውም። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ገበሬው ለምን እንዳመፀ የሚያስረዳው ነገር አልተገኘም። በሌላ ፋይል ገልብጣ አስቀመጠችውና ከዚህኛው አወጣችው።

ከ840 ቃል የቀረው 130 ነው። ምን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ለመናገር በመጀመሪያ ሌላ ስህተቷን ማንሣት አለብኝ።

ረጅሙ ቅጂ የአመፁ ምክንያት የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴና የሹማምንቶቻቸው በደል ነው የሚለውን አስተያየት አንሥቶ የሚመልስ አንቀጽ ነበረው። በ2,240 ቃሉ ቅጂ ይህ አንቀጽ ከጠፉት አንደኛው ነው። ለምን እንዳወጣችው ስጠይቃት «የእኔን ሐሳብ የሚቃወም ስለሆነ» አለች። ብዙ ተማሪዎች ቦታ ሲጠብባቸው መጀመሪያ የሚጥሉት ተቃራኒውን ሐሳብ ነው። ነገር ግን «ከዚያ ይልቅ ይህ» የሚል ክርክር «ያ» ሲወጣ አንድ እግሩ ይቆረጣል። ተቃራኒው አስተያየት ሁለተኛ ነገር አይደለም፤ የሦስተኛው ዕዳ መክፈያ ነው። ደግሞም አስተያየቱ ቀላል አልነበረም፤ ገበሬዎቹ አስተዳዳሪው እንዲነሡላቸው በግልጽ ጠይቀዋል፣ ኋላም ተነሥተዋል።

መልሱ የት ነው? እዚያው ልንጥለው በነበረው ዳራ ውስጥ ተደብቆ አገኘነው። ጎጃም የመሬት ግብርን በ1934 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ጀምሮ ተቃውሟል። በ1937 በአንድ ጋሻ መሬት የሚከፈለው ተመን ሲወሰን ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከተመኑ ውጭ ሆነው በቀድሞው ግብር ቀጠሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ደጃዝማች ፀሐዩ ጎጃምን ማስተዳደር ከመጀመራቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ስለዚህ የአንድ አስተዳዳሪ በደል አመፁን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ተመሳሳይ ተቃውሞ ግን አያስረዳም። ይህ ሐሳብ በረጅሙ ቅጂ በገጽ ሁለት ላይ እንደ ተራ ዳራ፣ ተቃራኒው አስተያየት ደግሞ በገጽ ሰባት ላይ ተቀምጠው ነበር። አምስት ገጽ ስለለያቸው እሷ ራሷ አላገናኘቻቸውም። ጎን ለጎን ስናኖራቸው 130 ቃል በቃ፤ ክርክሩም ከበፊቱ ጠነከረ።

በዚሁ ክፍል የተመኑን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ጽፋ ነበር፤ ለለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ ማስረጃም ይመስላሉ። ነገር ግን ጎጃም ያልከፈለውን ተመን በዝርዝር ማወቅ አንባቢውን የትም አያደርሰውም። ለክርክሩ የሚያስፈልገው ጎጃም ከተመኑ ውጭ መሆኑ ብቻ ነው። ቁጥር ስለሆነ ብቻ መረጃን አለመንካት አንዱ የመቁረጥ ችግር ነው፤ ቁጥሩም እንደ ሌላው ቃል የትኛውን ዕዳ እንደሚከፍል ይጠየቃል።

ከሰዓት በኋላ የአመፁን ሂደት ጀመርን። ስለ ሞጣ፣ ስለ ቢቸናና ስለ ዳሞት በተራ ትተርካለች፤ ሦስቱም ገበሬው ገማቾችን አላስገባም ማለቱን ያሳያሉ። የመጀመሪያው ሐሳቧ ሦስቱንም ማሳጠር ነበር። እኔ ግን አንዱን በሙሉ አስቀርታ ሁለቱን በስማቸው ብቻ እንድትጠራ መከርኳት። አንባቢ የሚያምነው ማን ምን እንዳደረገ፣ ከዚያስ ምን እንደተከተለ ሲያይ ነው፤ ሦስት የተቆራረጡ ታሪኮች ይህን አይሰጡትም። ሞጣን የመረጥነው የራሷ የቃል ምስክር ከዚያ ስለሆነ ነው። ቢቸናና ዳሞት አመፁ የአንድ አውራጃ ጉዳይ እንዳልነበረ ለማሳየት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ገቡ። እዚህ ላይ በእርግጥ የጠፋ ነገር አለ። ቢቸና ከሞጣ በምን እንደሚለይ ረጅሙ ቅጂ ይናገር ነበር፤ አጭሩ አይናገርም። ስለ ልዩነቱ የሚከራከር ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ቆረጣ ስህተት ይሆን ነበር።

ሳንነካው የተውነው ገበሬዎቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝነታቸውን እየገለጹ ገማቾቹና አስተዳዳሪው እንዲነሡላቸው መጠየቃቸውን ነው። ከሦስቱ ታሪኮች ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። አመፁ ዙፋኑን ለመገልበጥ ሳይሆን መብትን ለማስጠበቅ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ውጤቱም በዚያው ልክ ቀረ፦ የጦር ኃይልና የአውሮፕላን ድብደባ፣ ከዚያ የአስተዳዳሪው መነሣት፣ ኋላም የውዝፍ ግብር መሰረዝ።

አሁን በጣም ወደ አስደነገጠኝ ቦታ ልምጣ። በሞጣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ያደረገችውን ቃለ መጠይቅ በ380 ቃል ጽፋው ነበር። ቅዳሜ ማታ ወደ 60 ቃል አወረደችው፤ ሳየው ደስ አለኝ። እሑድ ጠዋት ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ሳመሳክረው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አቆመኝ። በረጅሙ ቅጂ ሽማግሌው ገማቾቹ ሲመጡ መሬቱን በቀላድ ሊለኩት ነው፣ ከዚያም ርስት የሚባል ነገር አይኖርም ሲባል መስማታቸውን ነግረዋታል። አጭሩ ቅጂ ግን እንዲህ ይላል፦

«ገማቾቹ መሬቱን በቀላድ ሊለኩት እንደመጡ አንድ ሽማግሌ ነገሩኝ።»

በመጀመሪያው ሽማግሌው ወሬ ሰምተዋል። በሁለተኛው ገማቾቹ በእርግጥ ሊለኩ መጥተዋል። አዋጁ ግን የጣለው በገቢ ላይ የሚከፈል ግብር ነው። ስለዚህ አጭሩ ዓረፍተ ነገር ሽማግሌው ያላሉትን ከማናገሩም በላይ የእሷን ክርክር ያፈርሰዋል። ክርክሩ የቆመው ገበሬው «ሰጋ» በሚለው ላይ ነው። መለካቱ የተጨበጠ ነገር ከሆነ ስጋት መባሉ ይቀራል። የሽማግሌው ቃል ዋጋው ወሬ መሆኑ ነበር፤ ወሬው መናፈሱና መታመኑ አራተኛውን ዕዳ በቀጥታ ይከፍላል።

ይህን የመሰለ ስህተት ከመቁረጥ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ የሚወጡት «ሲባል ሰማሁ»፣ «አብዛኞቹ»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት ትርፍ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አደረግን። በአጭሩ ቅጂ ማስረጃ የያዘውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀለም አሰመርንና ከረጅሙ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከርን «ማን አየ? ማን ሰማ? ስንቱ?» ብለን ጠየቅን። ሌላ ሁለት ተገኙ። በአንደኛው «የአንዳንድ አጥቢያ ገበሬዎች» የነበረው «ገበሬዎች» ሆኗል። በሌላው ሁለት ድርጊቶችን የለያየው ወር ወጥቶ ሁለተኛው በመጀመሪያው ምክንያት የተፈጸመ መስሏል። ሁለቱንም መለስናቸው፤ አምስት ቃል ብቻ ፈጁ።

የዓረፍተ ነገር ቆረጣው የመጨረሻው ሥራ ነው፤ እንደሚወራለትም አይከብድም። ቀድሞ ቢጀመር ኋላ የሚጣሉ አንቀጾችን ሲያስውቡ መዋል ይመጣል። በእሷ ጽሑፍ ይህን የመሳሰለ ዓረፍተ ነገር ሞልቶ ነበር፦

«ከላይ በዝርዝር ለመግለጽ እንደተሞከረው ሁሉ የጎጃም ገበሬዎች በዚያን ጊዜ በነበረው ሁኔታ ውስጥ አዲሱን የግብር አዋጅ የተመለከቱት በከፍተኛ ጥርጣሬና ስጋት ነበር ማለት ይቻላል።»

22 ቃል ነው። «የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የግብር አዋጅ በጥርጣሬ ተመለከቱት» ሲባል 7 ይሆናል። እዚህ «ማለት ይቻላል» ምንም የሚገድበው ነገር ስለሌለው ይወጣል፤ ከላይ በሽማግሌው ቃል ውስጥ የነበረው «ሲባል መስማታቸውን» ግን ይገድባል። ሁለቱን ለመለየት ቃሉን አውጥቶ ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ነገር እንደተለወጠ ማየት ነው። ከዚህ ሌላ ዘመኑን በየቦታው በሁለት አቆጣጠር ጽፋ ነበር፤ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በመግቢያው አንዴ ገልጻ ሌላውን አነሣች። «ምክንያትና መንስኤ»፣ «ችግርና መከራ» የሚሉ ጥንዶችም አንድ አንድ ሆኑ።

ስለ ቆጠራው አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያሳያት 3,150 ነበር። አራት ነጥብን ከፊቱ ባዶ ቦታ እየሰጠች ስለምትጽፍ፣ በባዶ ቦታ የሚቆጥረው ፕሮግራም እያንዳንዱን «።» እንደ ቃል ይቆጥረዋል። ክፍተቱን በፈልግና ተካ ስናስወግድ 138 ቃል ያለ ምንም ቆረጣ ጠፋ። በተቃራኒው ቃላትን በሁለት ነጥብ እያያያዘ ያለ ባዶ ቦታ የሚጽፍ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠርለታል፤ ያ ግን አራሚ እጅ ሲገባ ይገለጣል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ቁጥሩን ማጥራት ይቀድማል።

እሑድ ከሰዓት ጽሑፉን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። ዓይን ያላየውን ጆሮ ያገኘው ያኔ ነው። ስለ አዋጁ የሚናገረው ሦስተኛ አንቀጽ «ይህ ስጋት ግን አዲስ አልነበረም» ብሎ ይጀምራል፤ ስጋቱን የሚገልጸው አንቀጽ ወደ ኋላ ስለተዛወረ «ይህ» የሚያመለክተው ነገር የለውም። «ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ አውራጃዎች» የሚልም ነበር፤ አውራጃዎቹ ግን ገና አልተጠቀሱም። ከዚያ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ በተከታታይ አስነበብኳት። ክርክሩ በእነሱ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰማ፤ መገጣጠሚያው ልል የሆነበት አንድ ቦታ፣ በአዋጁና በሞጣ መካከል፣ በግልጽ ታየ፤ እዚያ ላይ አንድ ማያያዣ ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

መግቢያው ከ260 ወደ 110 ወረደ፤ ስለ ገበሬ አመፅ በዓለም ታሪክ የሚያወራው ግማሹ ወጣና በአሥራ አምስት ቃሏ ዓረፍተ ነገር ተከፈተ። ርስትን የሚያስረዳው ክፍል ከ430 ወደ 360 ብቻ ቀነሰ፤ ክርክሩ የቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ ከርዝመቱ አንጻር ከሁሉም ያነሰ የተቆረጠው እሱ ነው። አዋጁ 220፣ የአመፁ ሂደት 330፣ ምላሹና ውጤቱ 240 ሆኑ። መደምደሚያው ያለፈውን መድገሙን ትቶ በ90 ቃል ተዘጋ። ከዳራው 130 ጋር ሲደመር 1,480 መጣ።

ሃያ ቃል ተረፋት። የበላይን ስም በአንድ ሐረግ መመለስ ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ውሳኔው የእሷ መሆኑን ነገርኳት። ጥቂት አስባ ወደ ሞጣው ሽማግሌ ተመለሰች። ስለ ቀላዱ ወሬ ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው የነገሯትን፣ ቅዳሜ ማታ ያወጣችውን፣ በአሥራ አራት ቃል መልሳ አስገባች። ሰኞ ጠዋት 1,494 ቃል ሆኖ ተላከ።